የውሃ ፓምፕ መመሪያ፣ የማሽን ትርጉም እና አንዲት «አ»

አንድ አስመጪ ድርጅት ለመስኖ የሚሆን ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ውሃ ፓምፕ ያስገባል። ከፓምፑ ጋር የሚመጣው የእንግሊዝኛ መመሪያ 40 ገጽ ገደማ ነው፤ ወደ 9,000 ቃል። አማርኛው በማሽን ተተርጉሞ አልቋል። እኔ የተባልኩት «ትንሽ አይተህ አስተካክልልን» ነው።

ይቺን «ትንሽ አይተህ» የምትለዋን ነገር የትርጉም ሥራ የሚሠራ ሁሉ ያውቃታል። ክፍያው ከሙሉ ትርጉም በጣም ያነሰ ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው። 9,000 ቃል አንድ በአንድ አሳምሮ እንደገና ለመጻፍ አይበቃም። ስለዚህ ገና ሥራው ሳይጀመር የቱ ስህተት የግድ መታረም እንዳለበት፣ የቱ ደግሞ እያየሁት የማልፈው እንደሆነ መወሰን ነበረብኝ።

ማሽን የተረጎመውን ሰው ሲያርመው በሙያው ፖስት ኤዲቲንግ ይባላል። ቀለል ያለና ሙሉ ተብሎ ይከፈላል። ቀለል ያለው ሰው እንዲገባውና እንዳይሳሳት ብቻ ማድረግ ነው፣ ለቋንቋው ውበት አትጨነቅም። ሙሉው ግን ውጤቱ ሰው ከተረጎመው እንዳይለይ ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አይ.ኤስ.ኦ 18587 የሚባለው መስፈርትም በዋናነት የሚያወራው ስለዚሁ ሙሉው ነው። ደንበኛዬ የከፈለው ለቀላሉ ነው። የሚጠብቀው ደግሞ ሙሉውን። በመጨረሻ የተስማማነው መጽሐፉን ለሁለት ከፍለን ነው። የደህንነት ማስጠንቀቂያው፣ የመጀመሪያው ማስነሳት፣ ነዳጅና ዘይት፣ እንዲሁም ጥገናው ሙሉ እርማት ያገኛሉ። የመለዋወጫ ዝርዝሩ፣ ዋስትናውና የአምራቹ መግቢያ በቀላሉ ያልፋሉ።

የድርጅቱ ሰዎች ረቂቁን ቀድመው አንብበውት፣ ያሳቃቸውን ሁሉ በቀይ አስምረውበት ነበር። እውነትም ያስቃል። የቴክኒክ ሠንጠረዡ ላይ «ጠቅላላ ጭንቅላት፦ 28 ሜትር» ይላል። እንግሊዝኛው ሄድ የሚለው ፓምፑ ውሃውን ሽቅብ የሚገፋበትን ከፍታ ነው፤ ማሽኑ የሠንጠረዥ አንድ ክፍል ብቻ፣ ያለ ምንም ዙሪያ ገባ፣ ስለተሰጠው ጭንቅላት አደረገው። ቾኩ «የማነቂያ ማንሻ» ሆኗል። ሞተሩን አስነሱ በማለት ፋንታ በየገጹ «ሞተሩን ይጀምሩ» ይላል። አንዱ ዓረፍተ ነገር «ክፈት»፣ ቀጣዩ «ይክፈቱ»፣ ሦስተኛው «መክፈት» ይላል። ቀይ መስመር የበዛው እዚህ እዚህ ላይ ነው።

ቀይ መስመር ጨርሶ ያልነካው አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ነዳጅ አሞላሉ ላይ ነበር፦

«ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ነዳጅ ይሙሉ።»

ደጋግማችሁ ብታነቡትም ጥሩ አማርኛ ነው። ሰዋስዉ ልክ፣ ፊደሉ ልክ፣ ቃላቱ ልክ። እንግሊዝኛው የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው፦ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ነዳጅ አይሙሉ። ልዩነቱ አንዲት «አ» ናት። የጋለ ማርሚታ አጠገብ ቤንዚን የሚያፈስ ሰው ምን እንደሚገጥመው መናገር አያስፈልግም። ፊደል አራሚ ይህን አይዝም፣ «ይሙሉ» ትክክለኛ ቃል ነውና። ረቂቁን ብቻ ይዞ የሚያነብ ሰውም አይዘውም።

ሥራውን ሁሉ የመራው ይህ ነው። ማሽን ሲሳሳት የሚያስቀው ስህተት ራሱን ያጋልጣል። አንባቢው «ማነቂያ» ሲያይ ያቆማል፣ ይጠይቃል፣ ሥዕሉን ያያል። ለስላሳው ስህተት ግን አያስቆምም። ሰውየው አምኖት ያደርገዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ስህተት ስመዝን የጠየቅኩት «ይህን ያነበበ ሰው እጁ ምን ያደርጋል?» ብዬ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ምን ያህል አስቀያሚ ነው የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ለክብደቱ የተጠቀምኩት ኤም.ኪው.ኤም የሚባለውን የትርጉም ጥራት መለኪያ ነው። ስህተቱን ቀላል፣ ከባድ እና እጅግ አደገኛ ብሎ ይመድባል። የተለመደው ነጥብ ለቀላሉ 1፣ ለከባዱ 5፣ ለአደገኛው 25 ነው። ከ5 ወደ 25 የሚዘለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሃያ አምስት ቦታ «ይጀምሩ» የሚል መጽሐፍ አሰልቺ ነው፤ አንድ ቦታ «አ» የጎደለው ግን ሰው ያቃጥላል።

ሁለት ገጽ አወዳድሬ ለደንበኛው ላክሁለት። የፓምፑን ክፍሎች የሚያስተዋውቀው ገጽ 11 ቀላል እና 1 ከባድ ስህተት ነበረው፤ ድምሩ 16። ነዳጅ አሞላሉን የያዘው ገጽ 1 ቀላል እና ያችኑ 1 አደገኛ ነበረው፤ ድምሩ 26። የእነሱ ቀይ እስክሪብቶ የመጀመሪያውን ገጽ አቅልቶት ነበር፤ ሁለተኛው ንጹሕ ነበር። ከዚያ በኋላ «ለምን ቀዩን ሁሉ አላረምክም» ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ከዚያ የአሉታ ስህተት አደን ተጀመረ። አማርኛ አሉታውን የሚይዘው መጨረሻ ላይ በሚመጣው ግሥ ነው፣ ያውም በአንድ ፊደል። ዓረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር ማሽኑ እዚያ እስኪደርስ አሉታው ይጠፋል። በተለይ እንግሊዝኛው «እስከ… ድረስ አታድርግ» ወይም «…ካልሆነ በቀር አታድርግ» ሲል በጣም ይሳሳታል። ጠቅላላውን ፋይል በዓይን ከመፈለግ ይልቅ ትርጉም የምሠራበት ሶፍትዌር ላይ ማጣሪያ አደረግኩ፦ በእንግሊዝኛው በኩል የአሉታ ቃል ያለበትን፣ በአማርኛው በኩል ግን የአሉታ ምልክት የሌለበትን አውጣልኝ።

```
EN: (?i)\b(not|never|without|unless|until)\b
AM: (^|\s)(አይ|አያ|አት|አታ|አል|አላ|ሳይ|ሳያ|ሳት|ሳታ|ካል|ካላ|እንዳይ|እንዳያ|የማይ|የማያ|ያለ)
```

ይህ ማጣሪያ ብዙ ያሳልፋል፣ አትመኑት። «አይነት» የሚለው ቃል በ«አይ» ስለሚጀምር አሉታ ይመስለዋል፤ «የዘይት አይነት» የሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ አሉታው ቢጠፋም ዝም ይላል። «አልኮል»ም እንደዚያው። «ያለ» ደግሞ ባዶም ሙሉም ነው፦ «ያለ ዘይት» ሲል የለውም፣ «ውስጡ ያለ ዘይት» ሲል አለው። ስለዚህ ማጣሪያው የሚጠቅመው ግልጽ የሆኑትን ቶሎ ለመያዝ ነው። የደህንነቱን ምዕራፍ ግን እንግሊዝኛውን መጀመሪያ፣ አማርኛውን ቀጥሎ እያነበብኩ አንድ በአንድ ሄድኩበት። ቅደም ተከተሉ ለውጥ አለው። አማርኛውን ቀድማችሁ ካነበባችሁት ጭንቅላታችሁ ትርጉሙን ከዚያው ይሠራና እንግሊዝኛውን በዚያ ዓይን ታዩታላችሁ።

ሁለተኛው አደገኛ ነገር የመጣው ከነዳጁ ስም ነው። መመሪያው በአሜሪካ እንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ ቤንዚንን አልፎ አልፎ ጋስ ይለዋል። ማሽኑ «ጋዝ» አለው፦ «ታንኩን በንጹህ ጋዝ ይሙሉ»። እንደ ቋንቋ ካያችሁት ቀላል ስህተት ነው፤ ሌሎቹ ገጾች ላይ ቤንዚን ብሎታል፣ የወጥነት ችግር ነው ትላላችሁ። መርካቶ አካባቢ ፓምፕ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ ረቂቁን ይዤ ሄጄ ነበር፤ ይቺን ሳነብላቸው እጃቸውን ከሥራው ሳያነሱ «ጋዝ ካልከው እኮ ነጭ ጋዝ ነው የሚገዛው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ታዲያ ይነሳል?» አልኳቸው። «ቢነሳ ይሻል ነበር? አይነሳም፣ ሙቅ ሆኖ ከተነሳም ይንኳኳል። ከዚያ ገመዱን ሲስብ ይውላል፣ ካንዴላውን ይፈታል፣ ካርቡራተሩን ይፈታል። ቤንዚን በለው፣ ጨርስ።»

ነጭ ጋዝ ኬሮሲን ነው፤ በቤንዚን ሞተር ውስጥ ጥሩ አይነድም፣ ያልነደደው ወደ ታች ወርዶ የሞተር ዘይቱን ያቀጥነዋል። እሳቸው ጋ ባልሄድ ኖሮም ይህን አርመው ነበር፣ ግን በ1 ነጥብ። ከሄድኩ በኋላ 25 ሰጠሁት፤ መጽሐፉን በሙሉ በፍለጋ አልፌ «ጋዝ» የሚል ቃል ከነዳጅ ጋር እንዳይገናኝ አደረግኩ። ጭስን የሚመለከተው «መርዛማ ጋዝ» የሚለው ብቻ ቀረ።

ካንዴላን ካነሳሁ አይቀር፣ የቃላቱንም ነገር እዚያው ጨረስነው። ማሽኑ «ብልጭታ መሰኪያ» ነው ያለው። ካንዴላ ብሎ መጻፍ ያሳፍራል የሚል ሰው ድርጅቱ ውስጥ ነበር፣ የጣሊያን ቃል ነው ብሎ። መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ ብልጭታ መሰኪያ ስጡኝ የሚል ገበሬ ግን አላውቅም። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ካርቡራተር፣ ቾክ እያልን ሄድን። «ጠቅላላ ጭንቅላት» ደግሞ «ውሃ የሚገፋበት ከፍታ» ሆነ፣ «የመምጠጥ ጭንቅላት»ም «ውሃ የሚስብበት ከፍታ»።

ሦስተኛው ምሳሌ ለእኔ በጣም የሚጥመኝ ነው፤ ምክንያቱም ምንም አደገኛ አይመስልም። ዘይት ሲለካ መለኪያ ዘንጉን ጠርገህ መልሰህ ትከታለህ፣ ግን ጥርሱን ሳታዞር ነው። ማሽኑ «ዘንጉን አስገብተው ያጥብቁ» አለው። ምን አለበት ትላላችሁ፣ አይደል? ዘንጉ ሲጠብቅ ወደ ታች ይጠልቃል። ሲጠልቅ ዘይቱ ዘንጉ ላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ሰውየው ሙሉ ነው ብሎ ያስነሳል፣ ውስጡ ግን ጎድሏል። ይህን የሚያክል ሞተር የሚይዘው ዘይት ወደ 0.6 ሊትር ብቻ ስለሆነ ትንሽ ሲጎድል ብዙ ነው። ሰው አይጎዳም፣ ሞተሩ ግን ሊነክስ ይችላል። ከባድ፣ 5። ለገበሬው ግን የዓመት ገቢው ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ በ5ቱ ውስጥ ከላይ አስቀመጥኩት።

የማስጠንቀቂያ ርዕሶቹም አንድ ጉዳይ ነበራቸው። እንዲህ ያለ መመሪያ አራት ደረጃ ይጠቀማል። አንደኛው ካልተጠነቀቅክ ትሞታለህ ወይም ክፉኛ ትጎዳለህ የሚል ነው። ሁለተኛው ልትሞት ወይም ክፉኛ ልትጎዳ ትችላለህ፣ ሦስተኛው መጠነኛ ጉዳት ሊደርስብህ ይችላል፣ አራተኛው ዕቃው ይበላሻል ይላሉ። ማሽኑ ሦስቱን በሙሉ «ማስጠንቀቂያ» ብሎ አራተኛውን «ማስታወቂያ» አለው፣ ልክ የሚሸጥ ቤት ያለ ይመስል። «አደጋ»፣ «ማስጠንቀቂያ»፣ «ጥንቃቄ»፣ «ማሳሰቢያ» ብለን አንዴ ወሰንንና በመፈለግና በመተካት ሳይሆን እያንዳንዱን ከእንግሊዝኛው ጋር እያየሁ ቀየርኩት። በጅምላ መተካት እዚህ አይሠራም፤ ሦስቱ አንድ ሆነው ስለመጡ የቱ የቱ እንደነበር ከአማርኛው መለየት አይቻልም።

አሁን ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ጉዳይ። ከጭሱ ማስጠንቀቂያ ውስጥ አንድ ሐረግ ጎድሏል። እንግሊዝኛው ፓምፑን በተዘጋ ወይም በከፊል በተዘጋ ቦታ አታስነሳ ይላል። አማርኛው «በተዘጋ ክፍል ውስጥ አያስነሱ» ብቻ አለ። «በከፊል የተዘጋ» ወጣ፣ «ቦታ» ደግሞ «ክፍል» ሆነ። እንደ ደንቡ መጉደል ነው፣ ብዙ ሰው ከባድ ብሎ ያልፈው ይሆናል።

ግን ፓምፑ የት ነው የሚቀመጠው? እንዲህ ያለ ፓምፕ ውሃ የሚስበው በአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ይደግፋል፤ በተግባር ግን ጥሩ ፓምፕ 8 ሜትር ገደማ ይስባል። 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። 8 የነበረው ወደ 6 ይወርዳል። ደጋ ላይ ያለ ገበሬ መጽሐፉ 8 ሜትር ብሎት ውሃው አልመጣ ሲለው ምን ያደርጋል? ፓምፑን ወደ ውሃው ያወርደዋል። የጉድጓዱ አፍ ላይ የነበረውን በገመድ ወይም በእንጨት እርከን ወደ ታች ያስገባዋል። ጉድጓድ ክፍል አይደለም። ከላይ ሰማይ ይታያል። «በተዘጋ ክፍል» የሚለውን ያነበበ ሰው እኔን አይመለከተኝም ይላል፣ ትክክልም ነው። ከጭሱ ጋር የሚወጣው መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም፤ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ሊያየው የወረደውን ሰው ይዞት ይቀራል። ሞተር ጉድጓድ ውስጥ የማስነሳት አደጋ የታወቀ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሊያድን የሚወርደውም ሁለተኛ ሰው አብሮ ያልቃል።

ስለዚህ ያቺን የጎደለች ሐረግ 25 ሰጠኋት። ረቂቁ ውስጥ ካገኘኋቸው ሁሉ የከፋችው እሷ ናት ብዬ አምናለሁ፣ ከ«አ»ዋም ትብሳለች። የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን እንደማይፈስ ብዙ ሰው ከልምድ ያውቃል፤ ጉድጓድ ውስጥ ጭስ እንደሚገድል ግን ሁሉም አያውቅም። መጽሐፉ ብቻ ነው የሚነግረው።

እዚህ ላይ የአራሚው ሥልጣን የት ድረስ ነው የሚል ጥያቄ ይነሳል። «በከፊል የተዘጋ ቦታ» ማለት እንግሊዝኛው ውስጥ አለ፣ መልሼ አስገባሁት። «ለምሳሌ ጉድጓድ» የሚለው ግን እንግሊዝኛው ውስጥ የለም። ጥሩ ሐሳብ ነው ብዬ ብጨምረው እኔ መሐንዲስ ሆንኩ ማለት ነው፣ ያንን ደግሞ ማንም አልቀጠረኝም። የጥያቄ ዝርዝር አዘጋጅቼ ለድርጅቱ ኢንጂነር ላክሁለት፤ እያንዳንዱ ጥያቄ የገጽ ቁጥር፣ እንግሊዝኛው፣ አማርኛው፣ እኔ የምጠይቀው። ጉድጓዱን ወዲያው ተቀበለ። ራሱም በስልክ ደውሎ «ይሄማ በወፍራሙ ይጻፍ» አለ፣ «ጉድጓድ ውስጥ አያስነሱ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለብቻው ገባ።

የ8 ሜትሩ ነገር ግን አከራከረን። እኔ ለደጋ አካባቢ 6 ሜትር የሚል የግርጌ ማስታወሻ እንዲገባ ጠየቅሁ። እሱ የፋብሪካ ቁጥር እኛ አንነካም አለ፣ ዋስትና ላይ ችግር ያመጣል ብሎ። ትክክል ነው። ሠንጠረዡን ከእንግሊዝኛው ጋር እንደገና ሳስተያይ ግን ከ8ቱ ጎን ትንሽ ኮከብ አየሁ፤ ግርጌው ላይ «በባሕር ጠለል ላይ የተለካ» ይላል። ኮከቧና ግርጌዋ በማሽኑ ፋይል ውስጥ ተለያይተው፣ አንዷ ባዶ ሆና ቀርታ ነበር። ያን መመለስ ሥራዬ ነው፣ ማንንም ማስፈቀድ የለብኝም። መለስኩት።

ጊዜው ሲያልቅ ብዙ «ይጀምሩ» አሁንም በቦታው ነበር፤ የመለዋወጫ ዝርዝሩም ውስጥ የሚያስቁ ስሞች ቀርተዋል። መለዋወጫ የሚታዘዘው በክፍል ቁጥር ስለሆነ ቁጥሮቹን ብቻ አንድ በአንድ አመሳክሬ ስሞቹን ተውኳቸው። ያልታረሙትን ቀላል ስህተቶች በገጽ ዘርዝሬ ከሥራው ጋር አስረክቤያለሁ፤ ለሚቀጥለው እትም ይሆናቸዋል። የ6 ሜትሩን ጥያቄ ኢንጂነሩ ለፋብሪካው ልኮታል። መልስ ሳይመጣ መጽሐፉ ታተመ፣ 8 ሜትር ከነኮከቧ።